ሚኒባሱ መሬት እንዲረግጥ፦ የመንገድ ፎቶ ላይ መኪና ወይም ሕንፃ ሲጨመር

ባሕር ዳር ውስጥ ዘንባባ በግራና በቀኝ በተሰለፈበት ሰፊ መንገድ ላይ የተነሳ ፎቶ አለን እንበል። ጠዋት ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። ደንበኛው የትራንስፖርት ሥራ አለው። «ሚኒባሴን እዚህ መንገድ ላይ አስገባልኝ፤ ለፖስተር ነው» ይላል። ሚኒባሱን ከሌላ ፎቶ ቆርጦ መለጠፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ወይም የልጅ መጫወቻ ያህል ያንሳል፣ ወይም ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ብቻ «ተለጥፏል» ያሰኛል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ቀለሙና ጥላው ላይ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የማየው አድማሱን ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ሲነሱ ካሜራው ከመሬት የነበረው ከፍታና ከመኪናው የነበረው ርቀት ካልተስማሙ፣ ቀለም የቱንም ያህል ቢስተካከል አያድናቸውም። ስለዚህ ሥራውን ከመቁረጥ ሳይሆን ከመለካት እንጀምር። ፎቶሾፕም ሆነ ነፃው ጂምፕ ይበቃል።

አንደኛ፦ የመንገዱን መስመሮች እስኪገናኙ ድረስ ማስመር

ፎቶውን ክፈቱና በላዩ ባዶ ሌየር ጨምሩ። በደማቅ ቀይ ቀለም የመንገዱን የግራ ጠርዝ ተከትላችሁ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ መስመሩን ከጠርዙ በላይ ወደ ሩቁ ቀጥሉት። የቀኙንም ጠርዝ እንዲሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የመንገዱ መጥፊያ ነጥብ ነው፤ ፎቶሾፕ ቫኒሺንግ ፖይንት የሚለው ማለት ነው። በጂምፕ ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ብሩሹን አንድ ጊዜ ነክቶ፣ `Shift` ተጭኖ ሌላው ጫፍ ላይ መንካት ይበቃል።

ሁለት መስመር ብቻ አይታመንም። ሦስተኛና አራተኛ ጨምሩ፦ የመንገድ መሃል ቀለም፣ ከመንገዱ ጎን ለጎን የሚሄድ የሱቆች የቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ፣ የአጥር ግንብ የላይኛው ጫፍ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ሽቦ ሁሌም መሃሉ ላይ ይረግባል። የዘንባባዎቹን አናትም ተዉት፤ እያንዳንዱ ዛፍ ቁመቱ የራሱ ነው። ግንዶቹ መሬት የሚነኩበት መስመር ግን፣ በቀጥታ ተተክለው ከሆነ፣ በጣም ጥሩ ምስክር ነው።

አራቱ መስመሮች በትክክል አንድ ፒክስል ላይ አይገናኙም። ጠባብ ቦታ ላይ ከተጠጋጉ መሃሉን ያዙ። በጣም ከተራራቁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ሰፊው የስልክ ሌንስ ነው። `0.5x` ተብሎ የተነሳ ፎቶ ጠርዙ አካባቢ ቀጥ ያለውን ነገር ሊያጎብጥ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሌንስ ማስተካከያ መቃናት አለበት። ሌላው ሕንፃው ራሱ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን አለመሆኑ ነው። ይህ በከተሞቻችን ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የዚያን ሕንፃ መስመር ሰርዛችሁ ሌላ ፈልጉ።

መንገዱ ደልዳላ ከሆነ በመጥፊያው ነጥብ ላይ ከጫፍ ጫፍ አግድም መስመር ጣሉ። ያ የአድማሱ መስመር ነው። ባሕር ዳር ላይ አንዳንዴ ይህን በነፃ ታገኙታላችሁ፦ ካሜራው ወደ ጣና ከዞረና ውሃው ከሰማይ ጋር የሚገጥምበት መስመር በግልጽ ከታየ፣ አድማሱ እሱው ነው። ልብ በሉ፣ የቅርቡ ዳርቻ ወይም የደሴት ዛፎች ግርጌ አይደለም። ከሩቅ የሚታይ የተራራ ጫፍም አድማስ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ከአድማሱ ላይ ልኩን ማውጣት

ሥራው ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው፤ ቀስ ብለን እንያት። ደልዳላ መሬት ላይ አድማሱ የሚያልፈው በካሜራው ከፍታ ነው። ፎቶ አንሺው ስልኩን ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ይዞ ከነበረ፣ አድማሱ በመንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ የሚቆርጠው ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ነው። ቅርብ ያለውን ሰው አገጩ አካባቢ ይቆርጠዋል። መቶ ሜትር ርቆ የቆመውንም፣ እኩል ቁመት ካለው፣ እዚያው አገጩ ላይ ይቆርጠዋል። ሰውየው እየራቀ ቢያንስም የሚቆረጥበት ቦታ አይለወጥም።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። መኪናው እንዲቆም የምትፈልጉበትን የመሬት ነጥብ ምረጡ። ከዚያ ነጥብ እስከ አድማሱ ያለው የፒክስል ብዛት፣ እዚያ ቦታ ላይ 1.5 ሜትር ማለት ነው።

በእኛ ፎቶ እንሞክረው። ፎቶው 4000 በ3000 ፒክስል ነው። መጥፊያው ነጥብ ከግራ 2000፣ ከላይ 1400 ፒክስል ላይ ወጣ። የሚኒባሱ የኋላ ጫፍ እንዲያርፍ የምንፈልገው ከላይ 1700 ላይ ነው። ልዩነቱ 300 ፒክስል ነው። 300 ፒክስል 1.5 ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሜትር 200 ፒክስል ሆነ ማለት ነው።

መንገዳችን ላይ የሚበዛው ቶዮታ ሃይስ ቁመቱ 1.98 ሜትር፣ ወርዱ 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ 396 ፒክስል ቁመትና 340 ፒክስል ወርድ ይኖረዋል። ጣሪያው ከአድማሱ 96 ፒክስል ያህል በላይ መውጣት አለበት። ፖርቶመጋላ ካለው እሱ ከዚያ በላይ ነው፤ ቁመቱ ውስጥ አትቁጠሩት። ቪትዝ ብትሆን ኖሮ ቁመቷ 1.5 ሜትር ስለሆነ ጣሪያዋ ከአድማሱ ጋር እኩል ይሆን ነበር። ያኔ የጣሪያዋ ላይኛ ገጽ ፈጽሞ መታየት የለበትም። ሰው በዓይኑ ልክ ያለን ገጽ ከላይ ማየት አይችልም። ጣሪያው ከአድማስ በላይ ሆኖ ሳለ የጣሪያው ላይኛ ገጽ እየታየ የተለጠፈ መኪና ስታዩ፣ ቁጥር ሳትነኩ ስህተት ነው ማለት ትችላላችሁ።

ካሜራው በምን ከፍታ እንደነበረ ካላወቃችሁስ? ፎቶው ውስጥ ልኩ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ። አንድ ሰው ቆሟል እንበል፤ ከጫማው እስከ አድማሱ 150 ፒክስል፣ ከጫማው እስከ አናቱ 170 ፒክስል ነው። የሰውየውን ቁመት 1.70 ብንገምት ካሜራው 1.5 ሜትር ላይ ነበር። አንድ ሰው ረዥም ወይም አጭር ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስት ሰው ለኩና አማካዩን ያዙ። ባጃጅም ይረዳል፤ ቁመቷ 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ኮብልስቶን ከፍ ብሎ የተነጠፈበት የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ግን አሳሳች ነው፤ እግሩ ከአስፋልቱ በላይ ነውና።

ሦስተኛ፦ ሚኒባሱን በትክክለኛው ርቀት ማንሳት

እዚህ ላይ ብዙዎች «በ`Distort` እጎትተዋለሁ» ይላሉ። አልመክርም። መኪና ጠፍጣፋ ወረቀት አይደለም። የኋላውና የፊቱ ጫፍ በመጠን የሚበላለጡበት ልክ የሚወሰነው ካሜራው በቆመበት ርቀት ነው፤ ያን ደግሞ መጎተት አያመጣውም።

በቁጥር እንየው። ሚኒባሱ 4.7 ሜትር ይረዝማል። ከኋላው 15 ሜትር ርቃችሁ ካነሳችሁት፣ የፊቱ ጫፍ 19.7 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የፊቱ ወርድ ከኋላው ወርድ 76 በመቶ ያህል ሆኖ ይታያል። 5 ሜትር ላይ ቆማችሁ ካነሳችሁት ግን ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። መኪናው ኋላው ያበጠ፣ ፊቱ የሾለ ይሆናል። ይህን አሳንሳችሁ 15 ሜትር ላይ ብትለጥፉት መጠኑ ልክ ይሆናል፣ ቅርጹ ግን ይዋሻል። ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ ይይዘዋል። ደግሞ ሌንስ ወይም ዙም ይህን አይቀይረውም፤ ዙም የሚያደርገው ማጉላት ብቻ ነው። የሚቀይረው እግራችሁ ነው።

ታዲያ የእኛ ቦታ ስንት ሜትር ይርቃል? የፎቶውን መረጃ ክፈቱና `35mm focal length` የሚለውን እዩ። በእኛ ፎቶ 26 ነው። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ ከጥግ ጥግ 5000 ፒክስል ነው፤ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ደግሞ ከጥግ ጥግ 43.3 ሚሊሜትር። ስለዚህ፦

```
26 × 5000 ÷ 43.3 ≈ 3000
3000 × 1.5 ÷ 300 = 15 ሜትር
```

የመጀመሪያው ውጤት ሌንሱን በፒክስል የሚገልጽ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ያንን በካሜራው ከፍታ አባዝቶ፣ ከመሬቱ ነጥብ እስከ አድማሱ ላለው ፒክስል ያካፍላል። ስሌቱ የሚሠራው ፎቶው ክሮፕ ካልተደረገ ብቻ ነው። ፎቶው በቴሌግራም የሚላክላችሁ ከሆነም «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ መረጃውም ይጠፋል።

አሁን ደንበኛው ሚኒባሱን ይዞ ደልዳላ ሜዳ ላይ ይምጣ። ሜትርና ጠመኔ ያዙ። ከቆማችሁበት ወደ ፊት ቀጥ ብላችሁ 15 ሜትር ለኩ። የኋላው የግራ ጥግ በፎቶው ላይ ከግራ 2600 ላይ እንዲሆን እንፈልጋለን እንበል። ከመጥፊያው ነጥብ በ600 ፒክስል ወደ ቀኝ ይርቃል፤ አንድ ሜትር 200 ፒክስል ስለሆነ 3 ሜትር ነው። ስለዚህ ከ15 ሜትሩ ምልክት ወደ ቀኝ 3 ሜትር ለክታችሁ አንድ ነጥብ ምቱ። ሚኒባሱ የኋላ ግራ ጥጉን እዚያ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን እናንተ ወደምታዩበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ ይቁም።

ስልኩን 1.5 ሜትር ላይ ያዙ። ሌንሱ ያው `1x` ይሁን። በእኛ ፎቶ አድማሱ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ማለትም ስልኩ ጥቂት ወደ ታች አዘንብሎ ነበር። እናንተም እንዲሁ አዘንብሉት።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ፦ ሚኒባሱን ወደ ፎቶው መሃል ለማምጣት አትዙሩ። እጅ በልማድ ይዞራል። ስልኩ ወደ 15 ሜትሩ ምልክት ቀጥ ብሎ ይመልከት፤ ሚኒባሱ በቀኝ በኩል ይቅር። ከዞራችሁ አግድም መሆን የነበረበት የኋላ ፓራውልት ያጋድላል፣ ጎኑም የሚያመለክተው ወደ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ርቀቱን ለማግኘት ቦታ ከጠበባችሁ፣ ከቅርብ ከማንሳት ይልቅ ፖስተሩ ላይ መኪናውን የምታቆሙበትን ቦታ ቀይሩ። ለምሳሌ 12 ሜትር ብቻ ካላችሁ፣ የመሬቱን ነጥብ ወደ 1775 አውርዱት። 3000 በ1.5 ተባዝቶ ለ375 ሲካፈል 12 ይመጣል።

አራተኛ፦ መለጠፍና መፈተሽ

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ መለጠፉ ቀላል ነው። ሚኒባሱን ከጠመኔው ነጥብ ጋር ቆርጣችሁ አምጡ፣ ነጥቡን 2600 እና 1700 ላይ አሳርፉ። መጠኑ ያለምንም ማሳነስ ልክ ወይም ለልክ የቀረበ ይሆናል። ጥቂት ከጎደለ ጎንና ቁመቱን እኩል አድርጋችሁ አስተካክሉ እንጂ በአንድ በኩል ብቻ አትሳቡ።

ከዚያ ቀዩን ሌየር አብሩ። ከመጥፊያው ነጥብ ተነስታችሁ ወደ ሚኒባሱ ሦስት መስመር ጣሉ፦ ጎማዎቹ መሬት በነኩበት፣ በመስኮቶቹ የታች ጠርዝ፣ በጣሪያው ጠርዝ። ሦስቱም የሚኒባሱን መስመር መከተል አለባቸው። የጎማው መስመር ገጥሞ የጣሪያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሸሸ፣ የሁለቱ ፎቶዎች የካሜራ ከፍታ ይለያያል። ሦስቱም ወደ አንድ ነጥብ ሄደው፣ ነጥቡ ግን በአድማሱ ላይ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ ሚኒባሱ ሲቆም ጠሟል ወይም ስልኩ ዞሯል። ከፊቱ ጫፍ ሥር ያለው መሬት ከላይ 1630 አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ያነሳችሁት ከቅርብ ነው።

ደንበኛው «ትንሽ ራቅ ይበል» ካለ፣ መኪናውን በእጅ እየጎተቱ መገመት አያስፈልግም። በፎቶሾፕ `Ctrl+T` ተጫኑ፣ የማሽከርከሪያዋን ማዕከል ምልክት አንስታችሁ መጥፊያው ነጥብ ላይ አኑሯት፣ ከዚያ መጠኑን ቀንሱ። ምልክቷ ካልታየች ከላይ ባለው መስመር `Toggle Reference Point` የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። በጂምፕ `Unified Transform` ተመሳሳይ ማዕከል አለው። ሚኒባሱ እያነሰ በመንገዱ መስመር ላይ ይንሸራተታል፤ ጎማው ከመሬት አይነሳም፣ መጠኑም ለቦታው ልክ ይሆናል። ለ15 ሜትር የተነሳውን ከ12 እስከ 19 ሜትር ድረስ እንዲህ ማንቀሳቀስ ብዙ አይታወቅም። ከዚያ ካለፈ ቅርጹ ስለሚዋሽ እንደገና አንሱት።

የመኪናውን ጎን ለመቀየር ብሎ ፎቶውን መገልበጥም አይሠራም። ታርጋው ብቻ አይደለም የሚያጋልጠው፤ የሚኒባሱ የተሳፋሪ በር ወደ መንገዱ መሃል ይዞራል። የእኛ ሰው ይህን ወዲያው ያያል።

ጥላውን በአጭሩ፦ ከጎማዎቹ ሥር ጠባብና ጥቁር ጥላ ከሌለ መኪናው መሬት መንካቱ አይታወቅም፤ መሬት መንካቱ ካልታወቀ ደግሞ ዓይን ርቀቱን ይስታል፣ መጠኑም የተሳሳተ ይመስላል። ይህን ትንሽ ጥላ ከረዥሙ የፀሐይ ጥላ በፊት ሥሩ።

መንገዱ ዳገት ወይም ቁልቁለት ሲሆን

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለደልዳላ መሬት ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ወይም የደብረ ማርቆስን አንድ ዳገት ብታነሱ ነገሩ ይለወጣል። የቁልቁለት መንገድ ጠርዞች የሚገናኙት ከአድማሱ በታች ነው፤ የዳገቱ ከአድማሱ በላይ። ስለዚህ አድማሱን ከመንገዱ አትፈልጉት፤ ከሕንፃዎቹ ውሰዱት። ግንበኛ ወለሉንና መስኮቱን በውሃ ልክ ስለሚሠራ፣ መንገዱ ቢያዘቀዝቅም የመስኮቶቹ መስመሮች ወደ እውነተኛው አድማስ ይሄዳሉ።

መኪናው ግን መንገዱን ይከተላል። የጎማውና የጣሪያው መስመሮች ወደ መንገዱ መጥፊያ ነጥብ ይሂዱ፤ አካሉም ከመንገዱ ጋር ያጋድል። የ1.5 ሜትሩ ሕግ እዚህ አይሠራም። በምትኩ በዚያው መንገድ ላይ የቆመ አንድ ሰው ፈልጉ። ከመንገዱ መጥፊያ ነጥብ በእግሩና በአናቱ የሚያልፉ ሁለት መስመሮችን አውጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በመስመሮቹ ርዝመት ሁሉ ላይ የሰውየው ቁመት ያህል ነው። መኪናው ካለበት ርቀት ላይ ክፍተቱን ለኩና ልኩን ከዚያ አውጡ። ሚኒባሱንም ተመሳሳይ ተዳፋት ላይ ብታነሱት ይመረጣል።

ሕንፃ ከሆነ

ሕንፃ በአንድ በኩል ከመኪና ይቀላል። ከመንገዱ ጎን ያለው ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ቆሞ የተነሳ ፎቶ ወይም የአርክቴክት ስዕል በ`Distort` ሊገጥም ይችላል። ልኩ የሚወጣው በዚያው መንገድ ነው። የቅርቡ ጥግ መሬት የሚነካው ከላይ 1625 ላይ ቢሆን፣ እስከ አድማሱ 225 ፒክስል ነው፤ አንድ ሜትር 150 ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱ ፎቅ 3.5 ሜትር የሆነ ጂ+2 ቁመቱ 10.5 ሜትር ነው፤ 1575 ፒክስል። ጫፉ ከላይ 50 ፒክስል ላይ ይደርሳል፤ ጂ+3 ቢሆን ከፎቶው ይወጣ ነበር ማለት ነው። ከጫፉም ከግርጌውም ወደ መጥፊያው ነጥብ መስመር ጣሉና የሩቁን ጥግ በመካከላቸው ዝጉት። ሕንፃው ከመንገዱ በደረጃ ከፍ ብሎ የሚሠራ ከሆነ፣ የደረጃውን ቁመት መጀመሪያ በዚሁ ልክ ጨምሩ።

መስኮቶቹን በእጅ የምታከፋፍሉ ከሆነ የፊቱን መሃል በማስመሪያ አትለኩ። ከጥግ ጥግ ሁለት ሰያፍ መስመር ጣሉ፤ የሚቋረጡበት ቦታ በፐርስፔክቲቭ የተለካ መሃሉ ነው። ሁልጊዜ ወደ ሩቁ ጥግ ጠጋ ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በረንዳ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ኮርኒስ ካለ ግን `Distort` ዋጋ የለውም፤ የወጣው ነገር ጎኑ ሳይታይ ይቀራል። እንዲህ ላለው ሥራ `fSpy` የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የመንገዱን መስመሮች ስታሳዩት ካሜራው የነበረበትን ያሰላል፤ ውጤቱን `Blender` ውስጥ አስገብታችሁ ሕንፃውን በሦስት ገጽታ ትሠራላችሁ። እዚያም ልኩን የምትሰጡት እናንተው ናችሁ፦ ያቺው 1.5 ሜትር።